አንድ ለሁለት ለሦስት ስንት ከረጢት ይሆናል?

ግቢው ውስጥ ትንሽ ወለል ሊያስሞላ ያሰበ ሰው ከግንበኛው ጋር የሚያደርገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «አንድ ለሁለት ለሦስት እናቦካዋለን፣ ጋሼ» ይላል ግንበኛው። «ሲሚንቶውን ስንት ልግዛ?» ሲባል ደግሞ «ስምንትም ይበቃል፣ ለማንኛውም አሥር ይሁን» የሚል መልስ ይመጣል። አሸዋና ጠጠሩ በግምት ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ ወይ ግማሽ ቢያጆ ጠጠር አጥር ሥር ተርፎ ዓመት ይከርማል፣ ወይ ወለሉ ሳያልቅ ሲሚንቶ አልቆ ሰው ወደ ሱቅ ይሮጣል።

ግንበኛው ስለ ቅልቅሉ የተናገረው ስህተት የለበትም። ነገር ግን «አንድ ለሁለት ለሦስት» የሚለው አነጋገር ስለ ብዛት ምንም አይናገርም። የሚለው፣ በየትኛውም መስፈሪያ ይሁን አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ይግባ ነው። መስፈሪያው ጣሳ ቢሆን ለአበባ መደብ ጠርዝ የሚሆን ቅልቅል ይወጣል፤ በርሜል ቢሆን ለመጋዘን ወለል የሚሆን። ወደ ግዢ ሲመጣ ችግሩ ይገለጣል፤ ምጥጥኑ በይዘት የተነገረ ሆኖ ሳለ ሲሚንቶ የሚሸጠው በኪሎ ነው፣ አሸዋና ጠጠር ግን በሜትር ኩብ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቁጥር ካልተያዘ ሒሳቡ አይጀመርም።

ቁጥሩ 35 ሊትር ነው። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚይዘው ቦታ ወደ 35 ሊትር ይጠጋል። የሚገኘውም የአንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ ዱቄት 1,440 ኪሎ ይመዝናል ከሚለው የተለመደ ስሌት ነው፤ 50 ለ1,440 ሲካፈል 0.0347 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 35 ሊትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ከረጢቱ ራሱ «አንድ» የሚባለው መስፈሪያ ይሁን። አሸዋው 70 ሊትር፣ ጠጠሩ 105 ሊትር ይሆናል። የቀረው ስሌት በሙሉ ከዚህ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሲሚንቶውን ከከረጢቱ አውጥቶ በሳጥን መስፈር አይገባም። ሲሚንቶ ከላይ ሲፈስ አየር ይዞ ይነፋል፤ ከረጢት ውስጥ ተጨቁኖ የነበረው ዱቄት በሳጥን ሲሰፈር ቦታው በጣም ይሰፋል። በዚያ ላይ አንዱ ሠራተኛ ሳጥኑን መታ መታ ያደርጋል፣ ሌላው እንደፈሰሰ ያነሳዋል። ስለዚህ «አንድ ሳጥን ሲሚንቶ» አንዴ 42 ኪሎ፣ አንዴ 50 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ከረጢቱ ግን ፋብሪካ የመዘነው ነው። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ከረጢት መክፈትና ሌላውን በእሱ ልክ መስፈር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ ወለል እንውሰድ። የሰርቪስ ቤት ክፍል ነው፤ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ የአርማታው ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር። ከሥሩ ድንጋይ ተነጥፎ ተደልድሏል። 4 በ3 በ0.10 ሲባዛ 1.2 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈለጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ 6 ስለሚሆን 1.2ን ለ6 ያካፍላል። ሲሚንቶው 0.2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 288 ኪሎ ወይም ስድስት ከረጢት ገደማ ይወጣለታል። አሸዋው 0.4፣ ጠጠሩ 0.6 ይሆናል። ስሌቱ ንጹሕ ይመስላል፣ ነገር ግን ክፉኛ ያጎድላል።

ምክንያቱን ለማየት ባቄላ የሞላ ቁና ላይ ጤፍ ማፍሰስ ነው። ቁናው ሙሉ ቢመስልም ጤፉ በባቄላው መካከል እየሰረገ ይገባል፤ ሁለቱን ለየብቻ ሰፍሮ የደመረ ሰው ያሰበው ያህል አያገኝም። አርማታም እንዲሁ ነው። በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት አሸዋው ይሞላዋል፣ በአሸዋው መካከል ያለውን ሲሚንቶና ውኃ ይሞሉታል። ስድስት እጅ ደረቅ ነገር ተቦክቶ ሲጠቀጠቅ አራት እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። በሥራው ልምድ የተያዘው ማባዣ 1.54 ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አርማታ ለማግኘት 1.54 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ ይሰፈራል ማለት ነው። አንዳንዶች 1.52፣ ሌሎች 1.57 ይወስዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከጠጠሩ ቅርጽና ከአሸዋው መጠን ነው፤ ለአንድ ክፍል ወለል ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ስለዚህ 1.2 በ1.54 ሲባዛ 1.85 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ ይሆናል። ይህን ለ6 ስናካፍል አንዱ እጅ 0.308 ሜትር ኩብ ነው። ሲሚንቶው 0.308 በ1,440 ሲባዛ 443 ኪሎ፣ ማለትም 8.9 ከረጢት፤ ዘጠኝ ማለት ነው። አሸዋው 0.62፣ ጠጠሩ 0.92 ሜትር ኩብ ይሆናል። በስድስት ከረጢት የጀመረው ሰው አራት ሜትሩን ክፍል ሞልቶ 2 ሜትር ከ70 አካባቢ ሲደርስ ሲሚንቶው ያልቅበታል። ሌላ ሲሚንቶ እስኪመጣ የተሞላው መጠንከር ከጀመረ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ በዚያ መስመር ላይ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ይገባበታል።

ያንኑ ስሌት ከከረጢቱ ተነስቶም መሥራት ይቻላል። ሥራ ቦታ ላይ ለብቻው የሚይዘው ሰው ቢኖር ይህን መንገድ እመርጥለታለሁ። አንድ ከረጢት 35፣ አሸዋ 70፣ ጠጠር 105፤ ድምሩ 210 ሊትር ነው። ለ1.54 ሲካፈል 136 ሊትር የተጠቀጠቀ አርማታ ይወጣዋል። የእኛ ወለል 1,200 ሊትር ስለሆነ፣ 1,200 ለ136 ሲካፈል 8.8 ዙር፤ በተግባር ዘጠኝ። በሜትር ኩብ ሲሰላ 7.4 ከረጢት ወይም 370 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ውጤት በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ለሲ-25 አርማታ በብዛት ከሚጻፈው 360 ኪሎ በሜትር ኩብ ጋር ተቀራራቢ መሆኑ ስሌቱ ከመንገድ እንዳልወጣ ያሳያል። ምጥጥኑ ሲቀየር መንገዱ አይቀየርም። 1:2:4 ቢሆን የሚካፈለው ለ7 ነው፣ በሜትር ኩብ 6.3 ከረጢት ይወስዳል፤ 1:3:6 ቢሆን ለ10 ነው፣ 4.4 ከረጢት ገደማ ይበቃዋል።

ወረቀት ላይ የተገኘው ዘጠኝ ከረጢት መሬት ላይም ዘጠኝ የሚሆነው ሳጥኑ ልኩን ከጠበቀ ብቻ ነው። ሳጥኑ በውስጥ ልኩ 50 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር ከተሠራ በትክክል 35 ሊትር ይይዛል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ይሰፈርና ነገሩ ያልቃል። በብዙ ሥራ ቦታ የሚገኘው ሳጥን ግን 50 በ40 በ20 ነው፤ ይህ 40 ሊትር ይይዛል። መሐንዲስ ለዚያ ሳጥን ብሎ የሳጥኑን ቁጥር አስልቶ በሰጠበት ሥራ ላይ ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን በዚያው ሳጥን «አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን፣ ሦስት ሳጥን» ተብሎ ከተቦካ፣ የተሠራው አንድ ለሁለት ለሦስት አይደለም። አሸዋው ወደ 2.3፣ ጠጠሩ ወደ 3.4 ከፍ ብሏል። አንዱ ዙር 153 ሊትር ያህል ያወጣል፣ ወለሉም በስምንት ከረጢት ያልቃል። ባለቤቱ አንድ ከረጢት ያተረፈ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን ሲሚንቶው በሜትር ኩብ ከ370 ወደ 328 ኪሎ ወርዷል። ሳጥኑ ተቆልሎ ከተሰፈረ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሜትር ይዞ ሳጥኑን በውስጥ በኩል መለካት፣ ሲሰፈርም አፉን በቀጥ ያለ እንጨት ማስጠረግ የባለቤቱ ድርሻ ነው። ግንበኛው በዚህ ቅር ሊሰኝ አይገባም።

በባሬላ ወይም በጋሪ መስፈርም የተለመደ ነው። የጋሪ ሆድ ግን ጎኑ ያዘነበለ ስለሆነ ስንት ሊትር እንደሚይዝ በዓይን አይታወቅም፤ አፉም ሁልጊዜ ይቆለላል። ግድ ከሆነ፣ 35 ሊትሩን ሳጥን ሞልቶ ጋሪው ውስጥ መገልበጥና የደረሰበትን መስመር በቀለም ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። አካፋ ቆጥሮ መስፈርን ግን ማንም ቢመክር አይስማሙ። ጠዋት የነበረው አካፋ ከሰዓት በኋላ ከነበረው ጋር አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የአሸዋው ጉዳይ ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። በእያንዳንዱ ቅንጣት ዙሪያ የሚይዘው ስስ ውኃ ቅንጣቶቹን አራርቆ ያቆማቸዋል፤ ከአምስት እስከ ስድስት በመቶ እርጥበት ያለው አሸዋ ከደረቁ ይልቅ ሩብ ያህል ተጨማሪ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ደቃቅ አሸዋ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። የሚገርመው፣ ጭራሽ በውኃ ሲጥለቀለቅ ተመልሶ ይሰክናል፤ ማበጡ የእርጥበት እንጂ የብዙ ውኃ ነገር አይደለም። ምጥጥኑ የተነገረው ደግሞ ስለ ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ በክረምት ወይም ገና ከወንዝ የወጣ አሸዋ በሁለት ሳጥን ቢሰፈር፣ በእርግጥ የገባው አንድ ተኩል ሳጥን ገደማ አሸዋና ብዙ ክፍተት ነው። ውጤቱ አሸዋ ያነሰው፣ ጠጠሩ የሚንኳኳ፣ ሲጠቀጠቅ የማይታዘዝ ቅልቅል ይሆናል፤ የወለሉ ጠርዝ ሲፈታ በጠጠሮቹ መካከል እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ቦታ ይታያል።

ይህን የሚለይ መሣሪያ ከግቢ አይጠፋም። ግድግዳው ቀጥ ያለ የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥቡን አሸዋ ሳይጫኑ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መሙላት ነው። ከዚያ አሸዋውን በሌላ ዕቃ አስቀምጦ፣ የመጀመሪያውን ዕቃ እስከ ግማሽ ውኃ ማድረግና አሸዋውን ቀስ እያሉ እየበጠበጡ መመለስ። አሸዋው ሲሰክን ከፍታው ይለካል። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ የወረደው 4 ሴንቲ ሜትር ለ16 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ይህ አሸዋ በሁለት ሳጥን ፋንታ በሁለት ሳጥን ተኩል ይሰፈራል። ግዢውም እንዲሁ ይስተካከላል፤ ዘጠኙ ዙር የሚፈልገው 0.63 ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ፣ እርጥቡ ሲገዛ 0.79 ይሆናል፤ መሬት ላይ የሚቀረውን ጨምሮ 0.9 ማዘዝ ይበቃል። ጠጠር አያብጥም፤ 27 ሳጥን ወይም 0.95 ሜትር ኩብ ስለሆነ አንድ ሜትር ኩብ ማዘዝ ነው። በዚያው ዕቃ ላይ አሸዋው ከሰከነ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ፣ ከላዩ የሚረጋው ጭቃ ይታያል። የአገራችን መለኪያ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል።

የአሸዋው እርጥበት ውኃውንም ይነካል። ለዚህ ዓይነት ወለል አንድ ከረጢት 25 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል። በእኛ ምሳሌ አሸዋው ራሱ ከአምስት ሊትር በላይ ይዞ ስለሚመጣ፣ የሚጨመረው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ካስፈለገ ሁለት ሊትር ይታከላል። ቅልቅሉ ደርቆ ሲታይ ሠራተኛው በቱቦ ይጨምርበታል፣ ሲዘረጋም በቀላሉ ይፈስለታል። ትርፉ ውኃ በኋላ ሲተን ክፍተት ትቶ ይሄዳል። በትክክል የተሰፈረ ዘጠኝ ከረጢት በቱቦ ውኃ ብቻ የድሃ ቅልቅል ጥንካሬ ሊኖረው ይችላል። እኔ ብሆን ሳጥኑን ከለካሁ በኋላ ቱቦውን ከቅልቅሉ አጠገብ አነሳዋለሁ።

ሥራው ሲጀመር ስሌቱን መሬቱ ራሱ ይመረምረዋል፤ ይህን ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት። ክፍሉ 3 ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ 136 ሊትር የሚያወጣው አንድ ዙር ወለሉን 45 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ያስኬደዋል። ሁለት ዙር 90 ሴንቲ ሜትር። ጠርዙ ላይ ያለው ሞራሌ በየ45 ሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። ከሁለተኛው ዙር በኋላ አርማታው 90 ላይ ወይም በጥቂት አልፎ ከደረሰ ሁሉም ደህና ነው። ከ1 ሜትር በላይ ከሄደ ሳጥኑ ትልቅ ነው ወይም ተቆልሎ ተሰፍሯል፤ ወይም ውፍረቱ 10 አልደረሰም፤ ወይም አርማታው አልተጠቀጠቀም። 75 ላይ ከቀረ ደግሞ ከሥር ያለው መሬት ጎድሏል።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ የሚያጋጥም ነው። የድንጋይ ንጣፉ ላይ ሲባጎ ሳይወጠር፣ ውኃ ልክ ሳይያዝ የተጀመረ ወለል በአማካይ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ማንም በዓይኑ አያውቀውም። ነገር ግን 2 ሴንቲ ሜትር በ12 ካሬ ሜትር ላይ 0.24 ሜትር ኩብ ነው፤ ሁለት ከረጢት ገደማ ሲሚንቶ ከነአሸዋውና ጠጠሩ። ሰዎች ሲሚንቶ ጎደለ ሲሉ ስርቆት ይጠረጥራሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሲሚንቶው ያለው በድንጋዩ መካከል ነው። ከመሙላት በፊት ሲባጎ ወጥሮ ስድስት ሰባት ቦታ ላይ ጥልቀቱን መለካትና አማካዩን በስሌቱ ውስጥ በ0.10 ምትክ ማስገባት፣ ወይም ጎድጓዳውን በደቃቅ ድንጋይ ሞልቶ መደልደል ይሻላል።

ግዢ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። የሲሚንቶ ዋጋ ሲነገር በኩንታል ነው፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ፣ ከረጢቱ 50 ኪሎ። ዘጠኝ ከረጢት አራት ኩንታል ተኩል ነው። ግንበኛው «ዘጠኝ» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ ይጠየቅ። አሥረኛ ከረጢት መጠባበቂያ መያዝ ጥሩ ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለሊሾው ይውላል። አሸዋና ጠጠር ሲመጣም የመኪናውን ሆድ በሜትር ለክቶ ርዝመት በስፋት በከፍታ ማባዛት ነው እንጂ «ቢያጆ» የሚለውን ቃል አምኖ መቀበል አይበቃም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መሬት ላይ ለተኛ ትንሽ ወለል፣ ለግቢ መተላለፊያ፣ ለውኃ ታንከር መቀመጫ ነው። ሲ-25 የሚባለው ስም ራሱ የሚረጋገጠው 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ናሙና በ28 ቀኑ ላቦራቶሪ ተሰብሮ 25 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ሲሸከም ነው፤ በሳጥን ስለተሰፈረ ብቻ አይደለም። ወለሉ ወደ ላይ ወጥቶ በቢምና በኮሎን ላይ የሚንጠለጠል ሶሌታ ከሆነ፣ ሰው ከሥሩ ሊያድር ነውና የፌሮውም የቅልቅሉም ልክ የመሐንዲስ ሥራ ነው። እባክዎ ይህን ስሌት ይዘው ወደ ሶሌታ አይውጡ።